አንድ ጊዜ የተጫነ ቁልፍ ስለ ምን አራት ይቆጥራል?

ከሐዋሳ መሀል ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው ቱላ የሚኖር አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በራሱ እጅ የሠራውን የጆንያ መቁጠሪያ ይዞ ወደ እኛ መጣ። መሣሪያው ቀላል ነው። አንድ አርዱዊኖ፣ አንድ ተጫኝ ቁልፍና ቁጥር የምታሳይ ትንሽ ሰሌዳ አሉት። በሰፈሩ ካለ የእህል መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጆች የበቆሎ ጆንያ ተሸክመው በበሩ ባለፉ ቁጥር መዝጋቢው ቁልፉን አንድ ጊዜ ይጫናል፤ ቁጥሩም በአንድ ከፍ ይላል ተብሎ ታስቦ ነበር። ክፍያው በጆንያ ልክ ስለሆነ ቆጠራው የሰው እንጀራ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በመዝጋቢው ደብተር ላይ 60 ጆንያ ሲመዘገብ መሣሪያው 143 አሳየ። ተማሪው አንድ ታላቁን አማከረና በፕሮግራሙ ውስጥ የግማሽ ሰከንድ መጠበቂያ ጨመረ። በማግሥቱ 75 ጆንያ ገባ፤ መሣሪያውም 76 አለ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ተደሰተ፤ ተማሪውም ወደ እኛ የመጣው ሥራው አልቆ መሰለውና ይህቺን አንዲት ትርፍ ለማስወገድ ምክር ሊጠይቅ ነበር። እኛ ግን ከ143 ይልቅ ያስፈራን 76 ነው። ስለ ምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። አስተያየታችንንም ከወዲሁ እንናገራለን፦ በትምህርት ቤቶቻችንና በቤተ ሙከራዎቻችን የቁልፍን ንጥረት «ትንሽ መጠበቂያ ጨምርበት» በሚል ምክር ማለፋችን ስሕተት ነው። ንጥረቱ መጀመሪያ መለካት አለበት፤ መድኃኒቱም ከልኬቱ መውጣት አለበት።

ብረትም እንደ ኳስ ይነጥራል

ቁልፍን ስንጫን በውስጡ ያለች ቀጭን የብረት ምላስ ወርዳ ሌላ ብረት ትነካለች። ዓይናችን የሚያየው፣ ጣታችንም የሚሰማው አንድ ንክኪ ነው። ነገር ግን ሁለት ጠንካራ አካላት ሲጋጩ ወዲያው ተጣብቀው እንደማይቀሩ በመካኒክስ ትምህርት ተምረናል። ኳስ ወለል ላይ ሲወድቅ ይነጥራል፤ እንደገና ይወድቃል፤ ከፍታው እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል። የብረቷ ምላስም እንዲሁ ታደርጋለች። ወደ ታች የሚገፋት የመሬት ስበት ሳይሆን የሞላውና የጣታችን ኃይል መሆኑ ብቻ ይለያል።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ምላሷን የሚገፋው ኃይል በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አይለዋወጥም ብለን እናስብ። ከእያንዳንዱ ግጭት በኋላ ፍጥነቷ ከቀድሞው ስድሳ በመቶ ቢሆን፣ በአየር ላይ የምትቆይበት ጊዜም ከቀድሞው ስድሳ በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያው ንጥረት 1 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ ሁለተኛው 0.6፣ ሦስተኛው 0.36 እያለ ይቀጥላል። ይህ በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የምናውቀው ጂኦሜትሪያዊ ድርድር ነው፤ ድምሩም 1 ለ0.4 ተካፍሎ 2.5 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ንጥረቱ ማለቂያ ያለው ነው። ትክክለኛው ቁልፍ እንዲህ የተስተካከለ ባሕርይ የለውም፤ ብረቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ገጹ ይዝጋል፣ አቧራ ይገባበታል። የነገሩ መልክ ግን ይኸው ነው።

ለእኛ ሁለት ሚሊሰከንድ ምንም ማለት አይደለም። ለማይክሮኮንትሮለሩ ግን ረጅም ዘመን ነው። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ በሰከንድ 16 ሚሊዮን የሰዓት ምት አለው፤ አጭር ፕሮግራም ከሆነ ቁልፉን በየጥቂት ማይክሮሰከንዱ ያነባል። ስለዚህ ምላሷ በነጠረች ቁጥር «ቁልፉ ተለቀቀ»፣ ተመልሳ በነካች ቁጥር ደግሞ «እንደገና ተጫኑት» ብሎ ይመዘግባል። መሣሪያው አልዋሸም። ያየውን በትክክል ተናግሯል፤ የጠየቅነው ጥያቄ ግን የተሳሳተ ነበር። እኛ ማወቅ የፈለግነው ሰው ስንት ጊዜ እንደተጫነ ሲሆን፣ የጠየቅነው ብረት ከብረት ስንት ጊዜ እንደተነካካ ነው።

ያለ ኦሲሎስኮፕ መለካት

ንጥረትን ማሳየት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ኦሲሎስኮፕ የለንም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የለም። ነገር ግን ችግሩን ያየው ማይክሮኮንትሮለር ራሱ ችግሩን ሊለካው ይችላል። ከቁልፉ አንዱ እግር ከ2 ቁጥር ፒን፣ ሌላው ከ GND ጋር ይያያዝ። የውስጡ ሬዚስተር ፒኑን ወደ ላይ ስለሚስበው ቁልፉ ሳይነካ HIGH፣ ሲጫን LOW ይነበባል። ከዚያ የሚከተለውን ፕሮግራም መጫን ነው።

```
const byte BTN = 2;
unsigned long t[40];
byte n = 0, prev = HIGH;

void setup() {
  pinMode(BTN, INPUT_PULLUP);
  Serial.begin(9600);
}

void loop() {
  byte now = digitalRead(BTN);
  if (now != prev && n < 40) {
    t[n++] = micros();
    prev = now;
  }
  if (n > 0 && micros() - t[n-1] > 500000UL) {
    for (byte i = 0; i < n; i++)
      Serial.println(t[i] - t[0]);
    Serial.println("--");
    n = 0;
  }
}
```

ፕሮግራሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። ንባቡ በተለወጠ ቁጥር ሰዓቱን በማይክሮሰከንድ ይመዘግባል፤ ይህ ሰዓት በኡኖ ላይ በየ4 ማይክሮሰከንዱ ከፍ ይላል። ለግማሽ ሰከንድ ምንም ለውጥ ካልታየ የመዘገባቸውን ጊዜያት ከመጀመሪያው ለውጥ ጀምሮ ቆጥሮ በኮምፒዩተሩ ላይ ያትማል። ሕትመቱ የሚደረገው ሁሉም ካለቀ በኋላ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የቱላውን ተማሪ ቁልፍ ተጭነን ሳንለቅ ስንቆይ ካገኘናቸው መዝገቦች አንዱ ይህ ነው፦ 0፣ 212፣ 336፣ 904፣ 960፣ 1288፣ 1304። ሰባት ቁጥሮች ናቸው። በመጀመሪያ ብዛታቸው ጎዶሎ መሆኑን እንመልከት። ቁልፉ ያልተጫነ ሆኖ ጀምሮ የተጫነ ሆኖ ስላበቃ የለውጦቹ ብዛት ጎዶሎ መሆን ግድ ነው፤ ሙሉ ቁጥር ቢመጣ አንድ ለውጥ አምልጦናል ወይም ጣታችን ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ይህ መዝገቡን ለመመርመር የሚረዳ ቀላል ማረጋገጫ ነው።

ቀጥሎ መዝገቡን እናንብበው። በ0 ብረቱ ነካ፤ በ212 ነጥሮ ተለያየ፤ በ336 ተመልሶ ነካ። ይህም በአየር ላይ የቆየው 124 ማይክሮሰከንድ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ንጥረት ከ904 እስከ 960 ሲሆን 56 ማይክሮሰከንድ ይሆናል፤ ሦስተኛው ከ1288 እስከ 1304፣ 16 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ንጥረቱ እያጠረ ሄዷል፤ እንደ ኳሱ። የመቀነሱ መጠን ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የስሌታችን ኳስና የገበያው ቁልፍ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከፕሮግራሙ አንድ ዙር ያጠሩ ንጥረቶች ደግሞ ጨርሶ ላይታዩ እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባም።

በመጨረሻም ቆጠራውን እንመልከት። ብረቱ የነካባቸው ጊዜያት 0፣ 336፣ 960 እና 1304 ናቸው። አንድ ጊዜ ተጭነን አራት ተቆጠረ። ሁሉም ጫናዎች አራት አልቆጠሩም፤ ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት፣ ጥቂቶቹ አምስትና ስድስት ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን 60 ጆንያ 143 የሆነው፣ ማለትም ለአንድ ጆንያ በአማካይ 2.4 ገደማ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መዝገብ በእጁ ሲገባ ተማሪው «ታዲያ ቁልፉ የተበላሸ አይደለም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። አዎን፤ ቁልፉ ጤነኛ ነው። አዲስ ቁልፍም ይነጥራል።

ቀረብ ያለ ድምር የሸፈነው በደል

አሁን ወደ 76 እንመለስ። ተማሪው የጨመረው መጠበቂያ ይህን ይመስል ነበር።

```
if (digitalRead(2) == LOW) {
  count++;
  delay(500);
}
```

ቁልፉ ተጭኖ ከተገኘ አንድ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለግማሽ ሰከንድ ዓይኑን ይጨፍናል። 1.3 ሚሊሰከንድ የሚፈጀው ንጥረት በጨፈነበት ጊዜ ውስጥ ያልፋል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ ዓይኑን ሲገልጥ የሚጠይቀው «ቁልፉ አዲስ ተጫነ ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «አሁን ተጭኗል ወይ?» ብሎ ነው። መዝጋቢው ጣቱን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ካቆየ ሁለት ይቆጠራል። በሌላ በኩል ሁለት ተሸካሚዎች ተከታትለው ቢገቡና መዝጋቢው ጠቅ ጠቅ ቢያደርግ፣ ሁለተኛው ጫና ፕሮግራሙ በጨፈነበት ሰዓት ስለሚመጣ አይቆጠርም።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ተማሪው ጓደኛውን አጠገቡ አስቀምጦ በሚቀጥለው ቀን እንዲደግመው ጠየቅነው። ጓደኛው በእያንዳንዱ ጫና ሰሌዳው ላይ የታየውን ጭማሪ በወረቀት ጻፈ። እንዳጋጣሚ ጆንያዎቹ እንደገና 75 ነበሩ። ከእነዚህ 66ቱ እንደሚገባ አንድ አንድ ተቆጠሩ፤ 5ቱ ሁለት ሁለት ተቆጠሩ፤ 4ቱ ጨርሶ አልተቆጠሩም። ድምሩ 66 ሲደመር 10 ሲደመር ዜሮ፣ 76 ነው። አንድ የምታህል ስሕተት የመሰለችው ዘጠኝ ስሕተቶች ናት፤ አምስቱ ወደ ላይ፣ አራቱ ወደ ታች ተጎታትተው ተጣፍተው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የፊዚክስ ብቻ መሆኑ የሚያበቃው። ያልተቆጠሩት አራት ጆንያዎች በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም። ሁሉም የጠፉት ከፊታቸው ካለው ሰው ጋር ተጠጋግተው ከገቡ፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ ከሚመላለሱ ተሸካሚዎች ጀርባ ነው። ትርፉ የተጻፈው ደግሞ መዝጋቢው ፋታ አግኝቶ ጣቱን ዘና ባደረገበት ጊዜ ላይ፣ ዘግየት ብለው ለገቡት ነው። ክፍያው ለእያንዳንዱ ሰው በቆጠረው ልክ ቢሆን ኖሮ ፈጥኖ የሠራው ይጎድልበታል፤ ያዘገመው ይጨመርለታል። የቀኑን ድምር ብቻ የተመለከተ ባለቤት ግን «አንድ ብቻ ነው የተሳሳተው» ይላል። 143 ያሳየው መሣሪያ ማንንም አያታልልም፤ ወዲያው ይጣላል። 76 ያሳየው መሣሪያ ግን ታምኖ ይሠራበታል።

ሌላም አሳሳች ነገር ነበር። ተማሪው በመጀመሪያው ቀን ችግሩን ሲያፈላልግ፣ በእያንዳንዱ ዙር ቁጥሩን ወደ ኮምፒዩተር የሚያትም መስመር አስገብቶ ነበር፤ የሚገርመው ትርፉ ቆጠራ ወዲያው ጠፋ ማለት ይቻላል። መስመሩን ሲያወጣ ተመለሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል ለመላክ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ባለ ሁለት አኀዝ ቁጥር ከመስመር መዝጊያዎቹ ጋር አራት ፊደል ነው። የመላኪያው ማጠራቀሚያ ከሞላ በኋላ እያንዳንዱ ዙር አራት ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ 1.3 ሚሊሰከንዱ ንጥረትም በሁለት ንባቦች መካከል ተደብቆ ያልፋል። መመልከቻው የሚታየውን ነገር ለወጠው። በመለኪያ ፕሮግራማችን ሕትመቱን እስከ መጨረሻው ያቆየነው ለዚህ ነው።

ጸጥታን መጠበቅ

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው? ዓይን ከመጨፈን ይልቅ ዓይን ገልጦ ጸጥታን መጠበቅ ነው። ደንቡ በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ «አዲስ ሁኔታ ለተወሰነ ጊዜ ሳይናወጥ ካልቆየ አትመነው፤ ካመንከው በኋላ ደግሞ ሌላ ጸንቶ የቆየ ሁኔታ እስኪመጣ ድረስ አትልቀቀው።» በፕሮግራም ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

```
const unsigned long WAIT = 20;
byte stable = HIGH, lastRead = HIGH;
unsigned long changed = 0;
unsigned int count = 0;

void loop() {
  byte now = digitalRead(BTN);
  if (now != lastRead) {
    changed = millis();
    lastRead = now;
  }
  if (now != stable && millis() - changed >= WAIT) {
    stable = now;
    if (stable == LOW) count++;
  }
}
```

ሁለት ነገሮችን ለይቶ መያዙን እናስተውል። `lastRead` ብረቱ አሁን የሚለውን ይይዛል፤ `stable` ደግሞ እኛ ያመንነውን ይይዛል። ንባቡ በተናወጠ ቁጥር ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከላይ ያየነውን መዝገብ በዚህ ደንብ እናሳልፈው። በ0 ንባቡ ተለወጠ፤ ሰዓቱ ጀመረ። በ212 እንደገና ተለወጠ፤ ሰዓቱ ታደሰ። እንዲህ እያለ እስከ 1304 ድረስ ስድስት ጊዜ ታደሰ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሚሊሰከንድ ጸጥ ስላለ፣ ከመጀመሪያው ንክኪ 21 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ አንድ ተቆጠረ። መዝጋቢው ጣቱን ሦስት ሰከንድ ቢያቆይም `stable` LOW እንደሆነ ስለሚቆይ ሌላ አይቆጠርም። ሲለቅም ብረቱ ይነጥራል፤ መለቀቅም ንጥረት አለው፤ ነገር ግን ጸጥ ሲል `stable` HIGH ይሆናል እንጂ ቆጠራ አይጨመርም። በዚህ ሁሉ መካከል ፕሮግራሙ ለአፍታም አልቆመም፤ ሌላ ቁልፍ ሊያነብ ወይም ሰሌዳውን ሊያድስ ይችላል።

ጊዜን በመቀነስ እንጂ በመደመር አለማነጻጸራችንም ያለ ምክንያት አይደለም። `millis()` በ49.7 ቀን ገደማ ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ምልክት አልባ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ይህ መመለስ ልዩነቱን አያዛባውም፤ `changed + WAIT` ተደምሮ ቢነጻጸር ግን በዚያች ቅጽበት ስሕተት ሊፈጠር ይችላል። በመጋዘን ውስጥ ለወራት ሳይጠፋ የሚሠራ መሣሪያ ይህን ያጋጥመዋል።

ሃያ የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከሁለት ወገን ነው። ከታች በኩል የቁልፉ ንጥረት አለ። የዚህን ተማሪ ቁልፍ መቶ ጊዜ ተጭነን የመዘገብነው ረጅሙ ንጥረት ከ4 ሚሊሰከንድ አላለፈም። ከላይ በኩል ደግሞ የሰው እጅ አለ። ሰው በጣም ፈጥኖ ቢጫን በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ጫናና እያንዳንዱ መለቀቅ ሃምሳ ሃምሳ ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። መጠበቂያው ከዚህ ከበለጠ እውነተኛውን ጫና እንደ ንጥረት ይጥለዋል። ስለዚህ ከ4 በሚገባ የሚርቅ፣ ከ50ም በሚገባ የሚያንስ ቁጥር ያስፈልጋል። ሃያ ለሁለቱም በቂ ርቀት ይሰጣል። 500 ግን ከሁለቱ ጠርዞች ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ከሰው አፍ የተወሰደ ቁጥር ነበር።

የሌሎችን ልኬት ማየትም ይጠቅማል። ጃክ ጋንስል የተባለው አሜሪካዊ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ 18 ዓይነት ቁልፎችን ለክቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከሁለት ቁልፎች በስተቀር አማካዩ ንጥረት 1.6 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ረጅሙም 6.2 ሚሊሰከንድ እንደሆነ ዘግቧል። ከተለዩት ሁለቱ አንዱ ግን 157 ሚሊሰከንድ ድረስ ነጥሯል። ከአርዱዊኖ ጋር የሚመጣውና ዴቪድ ሜሊስ በ2006 እ.ኤ.አ. የጻፈው ምሳሌ 50 ሚሊሰከንድ ይጠቀማል። ከእነዚህ የምንማረው ለሁሉ የሚሆን ቁጥር አለመኖሩን ነው። 50 ለብዙ ቁልፎች ይበቃል፤ ለዚያ ክፉ ቁልፍ ግን ላይበቃ ይችላል፤ ባለቤቱም ካልለካው አያውቀውም።

የደንቡ ወሰን

ጸጥታን መጠበቅ የሚሻለው ለሁሉም ሥራ አይደለም። በትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ «ማን ቀድሞ ተጫነ?» የሚለውን የሚወስን መሣሪያ እንውሰድ። እዚህ ጸጥታን ከጠበቅን ብዙ የሚነጥር ቁልፍ የደረሰው ተማሪ ከ4 ወይም ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሊዘገይበት ይችላል፤ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የብረቱ ነው። ለዚህ የሚሻለው የመጀመሪያውን ንክኪ ወዲያው መቀበልና ከዚያ በኋላ ያለውን ንጥረት ችላ ማለት ነው። በአንጻሩ በመጋዘኑ ግቢ የእህል ወፍጮ ሞተር ሲነሣ በረጅሙ ሽቦ ላይ ለጥቂት ማይክሮሰከንድ የሚቆይ ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። የመጀመሪያውን ንክኪ የሚያምን ፕሮግራም ይህን እንደ ጆንያ ይቆጥረዋል፤ ጸጥታን የሚጠብቀው ግን ሃያ ሚሊሰከንድ ስላልቆየ ይጥለዋል። ለቆጣሪው ይህን ደንብ የመረጥንለት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አንዳንዶች ኢንተራፕት መጠቀም ችግሩን የሚፈታ ይመስላቸዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ኢንተራፕት ፈጥኖ ስለሚነሣ ተራ ዙር የሚያመልጠውን ንጥረት ጭምር ሊይዝ ይችላል። ሌሎች ደግሞ ካፓሲተርና ሬዚስተር ጨምረው በሽቦ ማጣራትን ይመርጣሉ። ይህ የተመሰከረለት መንገድ ነው፤ ሆኖም ቀስ ብሎ የሚወርደውን ቮልቴጅ በትክክል ለመቁረጥ ሽሚት ትሪገር ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ ዕቃውም ተፈልጎ መገዛት አለበት። ጥቂት የፕሮግራም መስመር ግን በእጃችን አለ።

ፕሮግራም ፈጽሞ የማይፈታው ነገርም አለ። መዝጋቢው «ተቆጠረ ይሆን?» ብሎ ተጠራጥሮ ሁለተኛ ጊዜ ቢጫን፣ ሁለቱም ጫናዎች እውነተኛ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውም ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ነው። ይህን በመጠበቂያ ለማስወገድ የሚሞክር ሰው ወደ 500ው ችግር ይመለሳል። መፍትሔው ቁጥሩ ሲጨመር አጭር ድምፅ እንዲሰማ ማድረግና ጥርጣሬውን ከሰውየው ላይ ማንሣት ነው። ተማሪው ይህን አደረገ።

በአዲሱ ፕሮግራም ጓደኛው እንደገና አጠገቡ ተቀምጦ እያንዳንዱን ጫና መዘገበ። ሰማንያ ሁለት ጆንያ ገባ፤ ሰማንያ ሁለቱም አንድ አንድ ተቆጠሩ። ይህ መሣሪያው ለዘላለም አይሳሳትም ማለት አይደለም። ቁልፉ ሲያረጅና አቧራ ሲጠጣ ንጥረቱ ይረዝማል፤ ስለዚህ የመለኪያውን ፕሮግራም በየጥቂት ወሩ ጭኖ ረጅሙን ንጥረት እንዲያይ፣ አሥር ሚሊሰከንድ ከደረሰም ቁልፉን እንዲለውጥ ተስማምተናል።

ለመምህራን ባልደረቦቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ተማሪ የቁልፍ ቆጣሪ ሠርቶ ሲያመጣ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ስለሆነ ብቻ ውጤት አንስጠው። በመጀመሪያ የቁልፉን የንጥረት መዝገብ እንጠይቀው፤ ቀጥሎ የመጠበቂያውን ቁጥር ከዚያ መዝገብ እንዴት እንዳወጣ ያስረዳን፤ በመጨረሻም ከድምሩ ጋር እያንዳንዱ ጫና ስንት እንደተቆጠረ የሚያሳይ ወረቀት ያምጣ። ለተማሪዎችም እንላለን፦ ድምራችሁ ከእውነቱ በአንድ ብቻ ሲለይ ያን ጊዜ ተጠራጠሩ። በቱላው መጋዘን አንዲቱ ትርፍ ዘጠኝ ስሕተት ነበረች፤ ከእነዚህም አራቱ የአራት ጆንያ ላብ ነበሩ።